የግርጌዋ ዐዚዛና የመድረኳ ዐዚዛ

ዐዚዛ ጀማሉዲን በሥራ ባልደረቦቿ ዘንድ የምትታወቀው በሁለት ነገር ነበር፤ አንደኛው ሻይ ላይ ስኳር በማብዛት፣ ሁለተኛው የሰውን ሕይወት በሁለት መስመር ጨርሶ በመጻፍ። ጎንደር አራዳ ካለው የታሪክ ጥናት ማእከል ወደ መጽሔት የሚላክ ጽሑፍ ሁሉ ከመሄዱ በፊት እሷ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ጥናቱን እንድታርም አይደለም፤ እሱንማ ማን ያስነካታል! ከደራሲው ስም ጎን ኮከብ ትቀመጣለች፤ ኮከቧ ወደ ገጹ ግርጌ ትመራለች፤ እዚያ «ይህ ሰው ማነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የምታዘጋጀው ዐዚዛ ናት።

ለእነዚያ ሁለት መስመሮች ሲሉ ተመራማሪዎቹ የሚያመጡላት ጉድ አይጣል ነው። አንዱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያገኘውን ደረጃ ይዘረዝራል። ሌላው ራሱን «ታታሪና አገር ወዳድ» ብሎ ይመጣል። ዐዚዛ እስክሪብቶዋን አንስታ ሁሉንም ታረግፈዋለች።

«ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ሰርግ አይደለም» ትላለች። «ስምህ፣ የሥራ ድርሻህ፣ ጥናቱን ስትሠራ የነበርህበት ተቋም፣ የጥናት መስክህ፣ አድራሻህ። በቃ። እዚህ ግርጌ ላይ ማንም አያጨበጭብልህም። ከስንት ዓመት በኋላ አንድ የማታውቀው ሰው ‹ይህ ሥራ የማነው?› ብሎ ሲፈልግ የሚያየው ይሄንን ነው።»

ለሕዝብ ንግግር ተናጋሪ ማስተዋወቅ ሲሆን ግን ያችው ዐዚዛ ሌላ ሰው ትሆናለች። ለዓይን የተጻፈ ለጆሮ አይሆንም ባይ ናት። አዳራሽ የተቀመጠ ሰው ስለ ዲግሪ ዝርዝር ግድ የለውም፤ ይህን ሰው ለምን ልስማው ነው ጥያቄው። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩን ታሳጥራለች፤ ተናጋሪውን ከዕለቱ ጉዳይና ከተሰበሰበው ሰው ጋር የምታገናኝ አንዲት የሕይወቱን ነገር ትመርጣለች፤ ስሙን መጨረሻ ላይ ታደርገዋለች፤ ጭብጨባው ስሙን ተከትሎ እንዲመጣ። ከሁለት ደቂቃ ካለፈ የተናጋሪውን ጊዜ መስረቅ ነው ትላለች። በግርጌ ላይ የምትሰርዘውን በመድረክ ላይ ትጽፈዋለች፤ በመድረክ የምትተወውን በግርጌ ታስገባዋለች። ይህን ልዩነት ከዐዚዛ በላይ የሚያውቅ ሰው ማእከሉ ውስጥ አልነበረም። አንድ ሰው ካለ ዶክተር የሺዋስ ዓለምነው ነበር፤ እሱም የተማረው ከእሷ ነው።

የሺዋስ የማእከሉ ዳይሬክተር ነው። የድብ ባሕር ገበሬ ልጅ ነው፤ አንደበቱ ግን ቤተ መንግሥት ያደገ ይመስላል። ዐዚዛን ወደ ማእከሉ ያስገባት እሱ ነው። ሌሎቹ «የነጋዴ ልጅ ጥናት ምን ያደርግላታል፣ ሱቋን አትጠብቅም?» ሲሉ፣ «ተዉ፣ ይህች ልጅ የማትጠይቀው ጥያቄ የለም» ብሎ አፋቸውን አዘግቷል። ዐዚዛ ይህን ውለታውን አልረሳችም። እንደ ታላቅ ወንድም ታየው ነበር፤ አምናዋለች፣ እንዲያውም ትንሽ ትመካበታለች።

በኋላ ነገሩ ሁሉ የመጣው በሲራራ ንግድ ጥናት ነው።

የጎንደር እስላም ነጋዴዎች በቅሎና አህያ ጭነው እስከ ሱዳን ድንበር፣ እስከ መተማና ገለባት ይነግዱ እንደነበር የማይጽፍ የታሪክ ሰው የለም። ወንዶቹ ለወራት በመንገድ ሲባጁ ግን እዚህ በነጋዴዎቹ ሰፈር በአዲስ ዓለም ቤቱን ማን ይዞት ነበር? ዕቃውን ማን ይረከባል፣ በዱቤ ለማን ይሰጣል፣ ለከሰረ ነጋዴ ዋስ ማን ይቆማል? ሴቶቹ! ይህን ያሰበችው ዐዚዛ ናት። ሐሳቡን ለየሺዋስ ስትነግረው ከወንበሩ ተነሣ። አብረው እንዲሠሩት ተስማሙ፤ እሱ የቆዩ ሰነዶችን ሊያገላብጥ፣ እሷ እናቶችን ልታነጋግር፣ ጽሑፉም በሁለቱ ስም ሊወጣ።

እናቶቹን ማነጋገር ግን ቀላል አልነበረም። እንኳን ለድብ ባሕሩ ዶክተር ለጎረቤት ወንድም ቢሆን የጓዳ ነገር አይወራም። በሩን ያስከፈተላት አባቷ ነው። ጀማሉዲን አራዳ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያለው፣ ቃሉ የሚታመን ሽማግሌ ነው። ከቤት ቤት እየዞረ «ልጄ የነገራችኋትን አትበትነውም። በራሷ ስም ትጽፈዋለች፤ ጥፋት ቢኖር እኔን ትጠይቃላችሁ» አለ። እትዬ ሐዲጃ፣ የሁሉም ታላቅ፣ «የጀማሉዲን ልጅ ስም ካለበት እሺ» ብላ የአያቷን ታሪክ ከሥሩ አንሥታ አወጋቻት። ሌሎቹም ተከተሉ። ዐዚዛ ሁለት በጋ ሙሉ በየቤቱ ተቀምጣ ሰማች፣ መዘገበች፣ አመሳከረች። ረቂቁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጻፈችውም እሷ ናት። የሺዋስ ሁለት ሰነዶችን ጨመረ፤ መግቢያውንም አሳመረ። ረቂቁ ላይ ስማቸው ጎን ለጎን ተቀምጦ ነበር፤ የእሷ ቀድሞ።

በ2005 ዓ.ም. የበጋ ወራት አንድ ቀን የሺዋስ ቢሮዋ ብቅ አለ።

«ዐዚዛ፣ መጽሔቱ ሊታተም ነው፤ የመጨረሻው እርማት እጄ ላይ ነው። መጽሔቱ የሚደርስ ዕለት ደግሞ አራዳ አዳራሽ ለሕዝቡ ንግግር አደርጋለሁ። እናቶቹም አባትሽም ይጠራሉ። አንቺ እኔን ታስተዋውቂያለሽ፣ እኔ ደግሞ አንቺን። ስለ ራስሽ ሁለቱንም ጻፊልኝ፤ የግርጌውንም የመድረኩንም።»

እዚህ ላይ ዐዚዛ ለሌላ ሰው አድርጋው የማታውቀውን ስሕተት ሠራች። ለሰው ስትጽፍ ሁለቱን ለየብቻ፣ በየወረቀቱ ነበር የምትጽፈው፤ ለዓይን የተጻፈው ከጆሮው እንዳይደባለቅ። ለራሷ ሲሆን ቸኮለች፣ ምናልባትም አፈረች፤ ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ፣ ላይና ታች አድርጋ ሰጠችው። የግርጌው እንዲህ ይላል፦ «ዐዚዛ ጀማሉዲን፣ የማእከሉ ተመራማሪ። የጥናት መስኳ የጎንደር የሩቅ ንግድና የቃል ታሪክ ነው።» የመድረኩ ደግሞ፦ «የነጋዴ ልጅ ናት። ከአባቷ ሱቅ ከባንኮኒው ሥር ተቀምጣ የሲራራ ወሬ እየሰማች አደገች። ሁሉም ስለ መንገዱ ሲያወራ፣ እሷ ቤቱን ማን ያዘው ብላ ጠየቀች። የአዲስ ዓለም እናቶች በራቸውን ለዚህች ጥያቄ ከፈቱ። ዛሬ የምትሰሙት የእነሱን መልስ ነው። ዐዚዛ ጀማሉዲን።»

የሺዋስ አነበበው። «ወይ ጉድ! አስለቀስሽኝ እኮ» አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

መጽሔቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ የደረሰው ንግግሩ የሚደረግበት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዐዚዛ ጥቅሉን የፈታችው በገዛ እጇ ነበር። ጽሑፉ ያለበትን ገጽ ገለጠች። ርዕሱ አለ፤ እሷ ያወጣችው ርዕስ ነው። ከርዕሱ ሥር አንድ ስም፣ ከስሙ ጎን አንዲት ኮከብ። ዓይኗ ሌላ ኮከብ ፈለገ። ገጹን ገለባብጣ እንደገና ተመለሰች። ከዚያ ወደ ግርጌው ወረደች።

«የሺዋስ ዓለምነው (ዶ/ር)፣ የማእከሉ ዳይሬክተርና ከፍተኛ ተመራማሪ። የጥናት መስኩ የጎንደር የሩቅ ንግድና የቃል ታሪክ ነው። የነጋዴ ልጅ የሆነችውና ከአባቷ ሱቅ የሲራራ ወሬ እየሰማች ያደገችው ዐዚዛ ጀማሉዲን መረጃ በማሰባሰብ ላደረገችው እገዛ ደራሲው ምስጋናውን ያቀርባል።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። የሰውዬው የጥናት መስክ እስከ ትናንት ድረስ የርስት መሬት ነበር! የእሷን መስክ ከእነ ቃሉ ወስዶ ከስሙ ጎን ለጥፎታል። የበለጠ ያንገበገባት ግን ይሄ አልነበረም። ለአዳራሽ የጻፈቻት፣ እናቶቹ ሰምተው «የኛው ልጅ» እንዲሏት ያሰበቻት ዐረፍተ ነገር እዚህ ግርጌ ላይ ገብታለች። በመድረክ ላይ የምታስከብራት ቃል እዚህ የምታወርዳት ሆናለች። ይህን ገጽ የሚያነብ የሩቅ ተመራማሪ ምን ይላል? የአገሬው ልጅ ናት፣ ወሬ አቀባይ ናት ይላል። ማን ጻፈው የሚለውን ደግሞ ኮከቧ መልሳለታለች። ዐዚዛ ለሌሎች ስታስተምረው የኖረችውን ነገር የሺዋስ በደንብ ተምሮታል፤ ተምሮም በራሷ ላይ ተለማምዶባታል።

ስልኳን አንሥታ አዲስ አበባ ደወለች። የመጽሔቱ አዘጋጅ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው።

«የግርጌው ቦታ ስለጠበበ ነው ስሜ የቀረው?» አለች ዐዚዛ። እንዲሆንላት የምትመኘው ይህን ነበር።

«ኧረ የምን መጥበብ! አሥር ደራሲ ቢኖር አሥር ኮከብ እናደርጋለን፤ ለእያንዳንዱ ሁለት መስመር አለው። ጽሑፉ ከመጀመሪያውም የመጣልን በአንድ ሰው ስም ነው። እርማቱም የሚላከው ለላከው ሰው ነው፣ ሌላ ደራሲ መኖሩን እኛ በምን እናውቃለን?» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእኔ እህት፣ ደራሲ ነኝ የምትዪ ከሆነ በጽሑፍ አመልክቺ። ወይ እሳቸው ይመኑ፣ ወይ ያነጋገርሻቸው ሰዎች ሥራው የሷ ነው ብለው ይመስክሩ። ያን ጊዜ በሚቀጥለው እትም ማረሚያ እናወጣለን።»

ዐዚዛ አመስግና ዘጋችና መጽሔቱን ይዛ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። የሺዋስ ክራባቱን እያሰረ ነበር። ፊቷን ሲያይ ምን እንደመጣ ገባው፤ ግን አልደነገጠም። እንዲያውም ወንበር ሳበላት።

«አየሽው? እኔም ቅር ብሎኛል። ምን ይደረግ፣ ግርጌ ጠባብ ነው። አንቺው አይደለሽ እንዴ ቅጽል አይገባም፣ ሁለት መስመር ብቻ ነው የምትይን?»

«እኔ ቅጽል አልጠየቅሁም ዶክተር። ስሜን ነው።»

«ስምሽማ አለ! ያውም በምስጋና።»

«አዘጋጇን ጠይቄያለሁ። ከመጀመሪያውም በአንድ ስም ነው የላኩት።»

የሺዋስ ክራባቱን ለቀቀው። እንደ ታላቅ ወንድም ትከሻዋን ነካ አደረገ። «ስሚኝ እህቴ። ማእከሉ ገና ትንሽ ነው፤ በአንድ ትልቅ ስም ካልቆመ አይቆምም። ያን ግርጌ ማን ያየዋል? አዲስ አበባ ያሉ ስድስት ሰባት ምሁራን ናቸው። ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ግን ሰፈርሽ በሙሉ ይሰማል። እዚያ የሚገባሽን ሁሉ እላለሁ፤ ቃሌ ነው።»

የዐዚዛ ልብ የተቆረጠው ክህደቱን ስላየች ብቻ አልነበረም፤ ያስጠጋት ይህ ሰው፣ ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንዲት ቀን እንኳ ድምፁ ሳይለወጥ «እህቴ» ሲላት በመክረሙ ነው። የጻፈችለትን የመድረክ ማስተዋወቂያ ከቦርሳዋ አውጥታ አየችው። ግሩም ነበር። ስለ ድብ ባሕር፣ የገብስ እሸት እያሸ መጽሐፍ ስለሚያነብ ልጅ፣ ለሰው ሁሉ እኩል ጆሮ ስለሚሰጥ አስተማሪ። መልሳ ከተተችው።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ከፊት ረድፍ ጀማሉዲን ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ተቀምጧል፤ ከጎኑ እትዬ ሐዲጃ በሻሿ ተሸፋፍና፣ ከኋላ የአዲስ ዓለም እናቶች ከእነ ልጆቻቸው። እንዲህ ያለ ነገር ለእነሱ ተጠርቶ አያውቅም። ጀማሉዲን ልጁን ሲያይ አገጩን ወደ ላይ ቀና አደረገ፤ ደስ ሲለው እንደዚያ ነው።

ዐዚዛ ወደ ማይክራፎኑ ወጣች። እጇ ላይ የነበረው ማስተዋወቂያው አልነበረም፤ መጽሔቱ ነበር። አስባበታለች። ይህ ሰው የተማመነው ግርጌውን የሚያነቡትና አዳራሽ የሚቀመጡት ሰዎች አይገናኙም ብሎ ነው፤ እንግዲያው እኔ አገናኛቸዋለሁ አለች። ያን ጠዋት ስታስበው ነገሩ ቀላል መስሏት ነበር፤ ያነበበችው ሲሰማ የአባቷ ፊት ሲለወጥ፣ እትዬ ሐዲጃ «ምነው፣ የልጂቱ ስምስ?» ብላ ስትነሣ ሁሉ ታይቷት ነበር።

«ዶክተር የሺዋስን የማስተዋውቃችሁ መጽሔቱ ላይ በተጻፈው ነው» አለችና ድምፅዋን ሳታወዛውዝ ግርጌውን ከኮከቡ ጀምራ አነበበች። «የማእከሉ ዳይሬክተርና ከፍተኛ ተመራማሪ። የጥናት መስኩ የጎንደር የሩቅ ንግድና የቃል ታሪክ ነው…» አዳራሹ ዝም ብሎ ይሰማል። «…የነጋዴ ልጅ የሆነችውና ከአባቷ ሱቅ የሲራራ ወሬ እየሰማች ያደገችው ዐዚዛ ጀማሉዲን…»

እዚህ ጋ ስትደርስ ከኋላ እልል አሉ።

ዐዚዛ ቀና አለች። አባቷ እየሳቀ ነው። እትዬ ሐዲጃ «የኛው!» ብላ ከጎኗ ያለችውን ጎሸም አደረገቻት። «መረጃ በማሰባሰብ ላደረገችው እገዛ ደራሲው ምስጋናውን ያቀርባል» የሚለውን ስትጨርስ ጭብጨባው ቃሏን ዋጠው። ስሟ በመጽሐፍ ተጻፈ፣ ተመሰገነች፤ ሰዉ የሰማው ይህንኑ ነው። «ደራሲው» የሚለው ቃል ምን ያህል በር እንደሚዘጋ በዚያ አዳራሽ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው ማይክራፎኑን ይዛለች፣ ሁለተኛው ከወንበሩ እየተነሣ ነው። ያሰበችው ሁሉ ተገለበጠባት። ላብራራ ብላ አፏን ስትከፍት የሺዋስ አጠገቧ ደርሶ ማይክራፎኑን በፈገግታ ተቀበላት።

«አያችሁ ትሕትናዋን?» አለ። «እኔን ልታስተዋውቅ ወጥታ ደረቅ ወረቀት አነበበች፤ ስለ ራሷማ ጭራሽ አልተናገረችም። ትሕትናዋ እንዲህ ነው፤ እንግዲህ እኔ ልናገርላት።» ወረቀት አልያዘም። ዓይኑን ፊት ረድፍ ላይ አደረገና ድምፁን አለዘበ። «የነጋዴ ልጅ ናት። ከአባቷ ሱቅ፣ ከባንኮኒው ሥር ተቀምጣ፣ የሲራራ ወሬ እየሰማች አደገች። ሁሉም ስለ መንገዱ ሲያወራ… እሷ ቤቱን ማን ያዘው ብላ ጠየቀች።»

ዐዚዛ ከጎኑ እንደ ቆመች ቀረች። ቃል በቃል ነው። ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ እንኳ አልሳተም፤ እሷ ባቆመችበት ያቆማል። «የአዲስ ዓለም እናቶች በራቸውን ለዚህች ጥያቄ ከፈቱ። ዛሬ የምትሰሙት የእነሱን መልስ ነው።» ስሟን መጨረሻ ላይ አደረገው። «ዐዚዛ… ጀማሉዲን!»

አዳራሹ ተነሣ። እትዬ ሐዲጃ እንባዋን በሻሿ ጠረገች። ጀማሉዲን በእርጅናው መድረኩ ድረስ ወጥቶ የሺዋስን አቀፈው፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። «አላህ ይስጥህ ልጄ፣ አላህ ያክብርህ» ሲለው በማይክራፎን ተሰማ። ፎቶም ተነሡ። በፎቶው ላይ ዐዚዛ መሐል ናት።

አመሻሹ ላይ አባቷን ተከትላ ሱቁ ሄደች። ጀማሉዲን ደስታው ገና አልወጣለትም። የአቡጀዲውን ጣቃ ከባንኮኒው ላይ ገፋ አደረገና መጽሔቱን ዘረጋው።

«ፊደሉ ደቃቃ ነው። ሰውዬው እዚያ ያለውን ያን ሸጋ ነገር አንብቢልኝ እስቲ፤ የባንኮኒዋን።»

«እዚህ ላይ የለም አባ።»

«ምነው? ለሰው ሁሉ የተናገረውን?»

ዐዚዛ ሁሉንም ነገረችው። ግርጌውን ዳግመኛ፣ ቀስ ብላ፣ እየቆመች አነበበችለት፤ ደራሲ ማለት ምን እንደሆነ፣ እገዛ ማለት ምን እንደሆነ አስረዳችው። የባንኮኒዋን ነገር ራሷ እንደጻፈችው ስትነግረው ጀማሉዲን ቀና ብሎ አያት። ነጋዴ ነው፤ ሲገባው በፍጥነት ነው የሚገባው። የአገጩ ቀናነት እዚያው ፊቷ ወረደ። ለብዙ ጊዜ ጣቃውን ሲጠቀልልና ሲፈታ ቆየ።

«እና መዝጋቢ ነሽ በይኝ» አለ በመጨረሻ።

«እነሱ እንደጻፉት አዎ። ግን ይታረማል አባ። አንተና እትዬ ሐዲጃ ሥራው የኔ መሆኑን ብትመሰክሩልኝ በሚቀጥለው እትም ያስተካክሉታል። ለየቤቱ የሰጠኸውን ቃል አስብ።»

«ቃሌንማ አሰብሁት። እሱን ነው የማስበው።» ጀማሉዲን ወደ መንገዱ አየ። «ከተማው እያየኝ አቀፍሁት ልጄ። አላህ ያክብርህ አልሁት። ነገ ዞሬ ሌባ ነው ልበል? ‹ሽማግሌው ምን ያቅፍ እንደነበር አያውቅም ወይ?› አይሉኝም? እናቶቹስ? ደስ ብሏቸው ነው የገቡ። በሕይወታቸው አንድ ቀን ተጨበጨበላቸው፣ እሱንም ልንነጥቃቸው ነው?»

«እኔስ አባ?»

«አንቺማ ክብርሽን አገኘሽ። ሰው ሁሉ ሰማ።»

ይህን ሲል አላያትም። የየሺዋስ ክህደት ጠዋት ነው የመጣው፤ ለእሱ ተናዳለች፣ ተንገብግባለች። ይሄኛው ግን ከየት እንደመጣ እንኳ ለማየት አልቻለችም።

በዚህ መሐል በሩ ላይ እትዬ ሐዲጃ ብቅ አለች፤ ምርኩዟን እየመታች፣ ፊቷ እንደበራ። «ጀማሉዲን! ያችን መጽሐፍ አመጣችሁ አሉኝ። አላስችል ብሎኝ መጣሁ። እስቲ ያንን ያለውን አንብብልኝ፤ ነገ ለልጆቼ ልንገራቸው።»

ጀማሉዲን ዐዚዛን አየት አደረጋት። ከዚያ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አደረገ፣ መጽሔቱን ወደ ራሱ ሳበ፣ ጣቱን ግርጌው ላይ፣ ከኮከቧ አጠገብ አሳረፈ። ከሱቁ ውጪ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ በሚመስል ድምፅ ጀመረ።

«የነጋዴ ልጅ ናት…» ጣቱ በደቃቃው ፊደል ላይ ይሄዳል። «ከአባቷ ሱቅ ከባንኮኒው ሥር ተቀምጣ የሲራራ ወሬ እየሰማች አደገች…» አንዳንዱን ረስቶታል፤ የረሳውን ከራሱ ሞላው። እትዬ ሐዲጃ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ሲጨርስ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«ሸጋ አድርጎ ጽፎልሻል ልጄ። ወላሂ ሸጋ አድርጎ ጽፎልሻል።»

«እኔ ነኝ የጻፍሁት እትዬ» አለች ዐዚዛ።

እትዬ ሐዲጃ ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ልጂቱ እንዳልሳቀች ስታይ ቅር አላት። «ኧረ ተይ ልጄ፣ እንዲህ አይባልም። ሰውዬው ያን ያህል አክብሮ ጽፎልሽ! ትሕትናሽን ሲያመሰግን ቅድም ሰምተን የለም?» ብላ ወደ ጀማሉዲን ዞረች፤ እሱም እንዲቆጣት።

ጀማሉዲን መነጽሩን አወለቀና መጽሔቱን ዘጋው።

«ተይ እንጂ ዐዚዛ» አለ።